በሽማግሌ ፈንታ የሚጻፍ ደብዳቤ

ልጅ ትዳር ሲያስብ ቤተሰቡ የተከበሩ ሰዎችን መርጦ ወደ ልጅቱ ወላጆች ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ቶሎ አይቀመጡም። ግቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ “መጀመሪያ የመጣንበትን ስሙን” ይላሉ፤ ቀጥሎም “ልጃችሁን ለልጃችን” የሚለው ልመና ይመጣል። የልጅቱ ወገን በዚያው ቀን እሺ አይልም። ቀጠሮ ይሰጣል፣ ዘመድ ይጠየቃል፣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌለ ዘር ይቆጠራል። የልጁ አባት ማን እንደሆነ፣ እናቱ የማን ልጅ እንደሆነች፣ አያቱ በምን እንደሚታወቅ ይሰማል። ጋብቻው የሁለት ሰዎች ቢሆንም በዚህ ሁሉ መመላለስ የሚተዋወቁት ሁለቱ ቤተሰቦች ናቸው።

የልጅ ልጅ ፍራንክፈርት ወይም ቶሮንቶ ሄዳ የውጭ አገር ሰው ስታገባ ይህ ሁሉ ይቀራል። ሽማግሌ የሚልክ የለም፤ የሚቆጠር ዘርም የለም። አያት ወሬውን የምትሰማው በስልክ ነው። ፎቶግራፍ ይላክላታል፣ በቪዲዮ ጥሪ ሁለት ደቂቃ ፈገግ ብላ እጇን ታወዛውዛለች፣ ባልየውም “ሰላም” የምትለዋን ቃል ተለማምዶ ይላታል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ስለሌላቸው ዝም ይላሉ። ሰውየው ቤተሰቡን ተቀላቅሏል ይባላል እንጂ ማንም በወጉ ግባ ያለው የለም።

ይህን ጉድለት የሚሞላው አያት የምትጽፈው የእንኳን ደህና መጣህ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ስሜት መግለጫ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ቤተሰብ ለቤተሰብ ሰላምታ ያደርሳል፣ እንግዳውን በስሙ ይጠራዋል፣ ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ይነግረዋል፣ በመጨረሻም ይመርቀዋል። እነዚህን የፈጸመ ደብዳቤ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል።

ኢትዮጵያውያን ከውጭ አገር ሰው ጋር መጋባት የጀመሩት ትናንት አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን አሜሪካ ውስጥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና በሚማሩበት ዘመን፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ዶሮቲ ሃድሊን አግብተዋል። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ከሄዱት ወጣቶች መካከልም እዚያው ተዳርው የተመለሱ ነበሩ። የዛሬውን የሚለየው አያቶቹ ራሳቸው መጻፍ መቻላቸው ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና ዩኔስኮ የሸለመው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየቀበሌው ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል። ያኔ ሕፃን አዝላ “ሀ ሁ” ያለች የ25 ዓመት እናት ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ከልጅ ልጆቿም ውጭ አገር ያለ አይጠፋም። ፊደሏ ትልልቅና ጠማማ ሊሆን ይችላል። ግን የእሷ እጅ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ከዚህ በታች ያለው ደብዳቤ ለናሙና የተዘጋጀ ሲሆን፣ የደብረ ብርሃን አያት የልጅ ልጇን ላገባ ጀርመናዊ የምትጽፈው ነው። ስሞቹ በእገሌና በእገሊት ተተክተዋል።

“ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ይድረስ ለተከበርከው ልጄ ለእገሌ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። እናትህና አባትህስ እንደምን አሉ? ከእኔና ከዘመዶቻችን ሁሉ ሰላምታ አድርስልኝ።

ልጃችንን ማግባትህን የነገሩኝ ቀን ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል አልኩ። ጎረቤቶቼ ምን ተገኘ ብለው መጡ፤ ቡና አፍልቼ ነገርኳቸው፤ እነሱም እልል አሉ። በእኛ አገር ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ይመጣል። የአንተ አገር ሩቅ ስለሆነ ያንተ ሽማግሌዎች አልመጡም። በዚህ አልተቀየምኩም። እነሱ ባይመጡ እኔ በዚህ ወረቀት መጥቻለሁና እንደ ሽማግሌ ተቀበለኝ።

ሚስትህን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ስትቆጣ ዝም ትላለች። ዝም ስትል የተወችው እንዳይመስልህ። ሻይ አፍላና አጠገቧ ተቀመጥ፤ ምንም አትጠይቃት፤ ራሷ ትናገራለች። ትንሽ ልጅ እያለችም እንዲሁ ነበረች።

እኔን እማማ ብለህ ጥራኝ። አጎቷን ጋሼ፣ ታላቅ እኅቷን እትዬ በላቸው። ወደ ቤት ስትገባ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ኖር ይሉሃል። አትደንግጥ፤ በእግዜር ብለህ እጅህን አንሣ፤ ይቀመጣሉ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ለአንተ የሚሆን ጋቢ እያዘጋጀሁ ነው፤ ጥጡን ራሴ ፈትያለሁ። ቁመትህ ረጅም ነው ስላሉኝ ሸማኔው ጨምሮ እንዲሠራ ነግሬዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። የእናትህንና የአባትህን ስም፣ የአያቶችህንም ስም ጽፈህ ላክልኝ። ጠዋት ስጸልይ የልጆቼን ስም እጠራለሁ፤ የእናንተንም አብሬ እንድጠራ ነው። እናትህ አንተን አሳድጋ ለዚህ ስላበቃችህ አመስግንልኝ።

የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ። ክፉ አይንካችሁ። በደህና ያገናኘን።

አያትህ
እማማ እገሊት”

ደብዳቤው የሚከፈተው በቀንና በቦታ ነው፤ ቀጥሎ “ይድረስ” ይላል፤ ከዚያ ጤና ይጠይቃል፤ የራስን ደህንነት ይናገራል። ይህ አቀማመጥ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ለውጭ አገር ነገሥታት ሲጽፉም የሌላውን ጤና ጠይቀው፣ እነሱ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና መሆናቸውን ሳይናገሩ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም ነበር። በኋላ ዘመን የቤተሰብ ደብዳቤ “ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ” የሚለውን ጨመረበት። የደብረ ብርሃኗ አያት ግን ይህን አልጻፈችም። አይታው የማታውቀውን ሰው ናፈቅሁህ ብትለው እውነት አይሆንም። በምትኩ እውነተኛውን የጉልበት ሕመሟን ጠቀሰች። ልማዱ ተጠብቆ ቃሉ ለሰውየው ተስተካክሏል። ከደብዳቤው ለስለስ ያለ ወግ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

አጠራሩም እንዲሁ ነው። በብዙ ቤት አማች ይከበራል፤ አማት የልጇን ባል አንቱ የምትልበት አካባቢ አለ። አያት ግን ዕድሜዋም ሥልጣንዋም ከአማት ከፍ ስለሚል አንተ ማለት ትችላለች። “እርስዎ” ብላ ብትጽፍለት ያከበረችው ቢመስልም በሩ ላይ እንዳቆመችው ነው። ደረቅ “አንተ” ብቻ ብትለው ደግሞ የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለሆነ ይከብዳል። ስለዚህ “ለተከበርከው ልጄ” አለች። “የተከበርከው” ወግ ሆነ፣ “ልጄ” ቅርበት ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንተ ነው። ለሴት ሲሆን “ለተከበርሽው ልጄ” ይባላል።

የደብዳቤው ልብ ግን ሦስተኛው አንቀጽ ነው። አያት ስለ ልጅ ልጇ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ለባልየው አሳልፋ ሰጠችው። “ልጃችን ጨዋ ናት፣ ታዛዥ ናት፣ ጥሩ ሚስት ትሆንሃለች” ብላ ብትጽፍ ኖሮ ማንኛዋም አያት ስለማንኛዋም ልጅ የምትጽፈው ይሆን ነበር። ዝምታዋንና ሻዩን ስትነግረው ግን ሰውየው ቤት ውስጥ የሚጠቀምበት ነገር አገኘ። ከዚህም በላይ ምስጢር የሚነገረው ለቤተሰብ ነውና፣ ምስጢሩን መስማቱ ራሱ ቤተሰብ መሆኑን ያስረዳዋል። ለዚህ ቦታ የሚመረጠው ነገር የልጅቱን ነውር የሚያወጣ መሆን የለበትም፤ የሚያስቃትና ትንሽ የሚያሳፍራት ቢሆን ግን አይከፋም።

“ኖር” እና “በእግዜር” የተጻፉትም ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ አገር ሰው ወደ አንድ የኢትዮጵያ ቤት ሲገባ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ብድግ ሲልለት የሚሄዱ ይመስለዋል፤ ወይም እሱም አብሮ ቆሞ ይቀራል። ምን ብሎ እንደሚመልስ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ሁሉም ቆሞ ይተያያል። ስለ ባህል ብዙ ገጽ ከመጻፍ እንዲህ ያለ አንድ በር ላይ የሚሆን ነገር መንገር ይበልጣል። ጉርሻውን፣ ቡናውን፣ አሳሳሙን ሲመጣ ያየዋል።

የስም ልመናው ደግሞ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ሁሉ ብልህነት የተሞላበት ነው። ሽማግሌ ቢመጣ ኖሮ “የማን ልጅ ነው?” ተብሎ ይጠየቅ ነበር። አሁን ያንን መጠየቅ ምርመራ ይመስላል። አያት ግን ጥያቄውን ወደ ጸሎት አዛወረችው። የባልየው ወላጆችና አያቶች ስማቸው ይታወቃል፣ ዘሩ ይቆጠራል፤ ሰውየውም ከመከፋት ይልቅ ወላጆቹ በማያውቁት አገር በየጠዋቱ ስማቸው መጠራቱን ሲሰማ ደስ ይለዋል። የውጭ አገሩ ወገን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲልክ ብዙውን ጊዜ ፎቶግራፍ አብሮ ይልካል። ሁለቱ ቤተሰቦች መተዋወቅ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

በደብዳቤው ውስጥ የሌሉትም ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። ሰውየው ይጠመቅ እንደሆነ አልተጠየቀም። ልጅ መቼ እንደሚወለድ አልተነሣም። ገንዘብም፣ የቤት ጣራም፣ ወደ ውጭ መውጣት የሚፈልግ የአክስት ልጅም አልተጠቀሰም። ብዙ ጥሩ ደብዳቤ የሚበላሸው በእነዚህ ነው። አያት የሃይማኖት ነገር ሊያሳስባት ይችላል፤ ማሰቧም መብቷ ነው። ግን ያ ጉዳይ ከልጅ ልጇ ጋር በስልክ የሚወራ እንጂ ግባ በተባለበት ወረቀት ላይ እንደ ቅድመ ሁኔታ የሚቀመጥ አይደለም። “ውለዱ ክበዱ” የሚለው ምርቃትም ሠርግ ላይ ሲባል ያምራል፤ ልጅ ያላገኙ ወይም ያልወሰኑ ጥንዶች ዘንድ በወረቀት ሲደርስ ግን ቀነ ገደብ ይመስላል። “ክፉ አይንካችሁ” ሁሉንም ይዞ ማንንም አይጎዳም።

የልጅ ልጁ ወንድ ሆኖ ያገባት የውጭ አገር ሴት ስትሆን አንድ ሌላ ነገር ይመጣል። በአንዳንድ የአማራ አካባቢዎች ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ በባሏ ቤተሰብ ዘንድ የምትጠራው በዚያ ስም ነው። የውጭ አገሯ ምራት ስሟ ለአያት አፍ ሲያስቸግር ይህ ልማድ ይታወሳል። ስም ማውጣቱ ደግ ነገር ነው፤ ሙሽራዋን ወደ ቤት የማስገቢያ ጥንታዊ መንገድ ነው። ነገር ግን በደብዳቤው ውስጥ ሲቀርብ እንደ ስጦታ እንጂ እንደ ለውጥ መቅረብ የለበትም። “እናትሽ ያወጣችልሽ ስም አለሽ፤ እሱም ያምራል። እኛ ቤት ደግሞ ምራት ስም ይወጣላታልና ዓለሜ እያልኩ እንድጠራሽ ፍቀጂልኝ” የሚል አያት ሁለቱንም አክብራለች።

ስለ ስም ከተነሣ አይቀር፣ አያት ልታስረዳው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በብዙ አገር ሴት ስታገባ የባሏን የቤተሰብ ስም ትወስዳለች። በኢትዮጵያ ግን የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ከስም ቀጥሎ ያለው የአባት ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። የውጭ አገር ሙሽራ በአገሯ ልማድ የባሏን ሁለተኛ ስም ስትወስድ የወሰደችው የአማቷን የራሱን መጠሪያ ነው። አዲስ አበባ ስትመጣ በሆቴሉም በሆስፒታሉም የአማቷ ልጅ ተደርጋ ትታያለች፤ ባልና ሚስቱም እኅትና ወንድም ይመስላሉ። አያት በሁለት መስመር “የልጄ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው፤ ሦስተኛው የአያቱ፣ የእኔ ባለቤት የነበረው ነው” ብላ ብትጽፍ ብዙ ግራ መጋባት ይቀራል፤ የሞተው አያትም አብሮ ይተዋወቃል።

ሙስሊም አያት ስትጽፍ መክፈቻዋ በአሰላሙ አለይኩም ነው፤ ደህንነቷን በአልሐምዱሊላህ ትናገራለች፤ ምርቃቷም ዱዓ ነው። የቀረው አሠራር አይለይም። በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድም ነገሩ ቅርብ ነው። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ልጅ አዝለው የሄዱት እናቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል፤ እነሱም እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና ይቆጥራሉ። የልጅ ልጆቻቸው ግን ከሩሲያ ወይም ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦችን ልጆች ያገባሉ፤ ብዙዎቹም አማርኛ ይሰሙ ይሆናል እንጂ አያነቡም። እዚያ ቤት ደብዳቤው ለሁለቱም መተርጎም አለበት፤ ለባዕዱም ለራሷ የልጅ ልጅም።

ትርጉሙን ማን ይሥራው የሚለው ከሚታሰበው በላይ ከባድ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚተረጉመው ያገባው ልጅ ራሱ ነው። ይህ አይመከርም። የደብረ ብርሃኗን ደብዳቤ ሙሽሪት ራሷ ብትተረጉመው ስለ ዝምታዋ የተጻፈው አንቀጽ ሳይዘለል አይቀርም፤ የእናትየው ምስጋናም “ሰላም ብላለች” ተብሎ ያልፋል። የአክስት ልጅ ወይም የቤተሰብ ወዳጅ ቢተረጉመው ይሻላል። ተርጓሚው ምርቃት ላይ ይጠንቀቅ። “እርጅና ይጫጫናችሁ” ቃል በቃል ሲዛወር እርግማን ይሆናል፤ አብራችሁ ረጅም ዕድሜ ኑሩ ማለት መሆኑን መጻፍ አለበት። የአብርሃምና የሣራ ነገር ለጀርመናዊ ግልጽ ነው፤ ለጃፓናዊ አማች ግን እስከ እርጅና አብረው የኖሩ ባልና ሚስት መሆናቸውን አንድ መስመር መጨመር ያስፈልጋል።

ቀኑም አይረሳ። ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ቀን 2025 ነው። ባልየው ደብዳቤው ላይ 2018 የሚል ሲያይ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ሚስቱን ሳያውቃት በፊት የተጻፈ ይመስለዋል። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ነው። “ለገና ኑ፣ ጠዋት በ3 ሰዓት እጠብቃችኋለሁ” የምትል አያትም በዲሴምበር 25 ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንግዳ እንዳይመጣባት፣ ገናው ታኅሣሥ 29 ወይም ጃንዋሪ 7 መሆኑንና ሰዓቱ በእነሱ ከጠዋቱ 9 ሰዓት መሆኑን ተርጓሚው በቅንፍ ያስቀምጥ።

አያት መጻፍ ባትችል ወይም ዓይኗ ቢደክም ሌላ ሰው ይጽፍላታል። የሚጽፈው ሰው ትልቁ ስሕተት ማሳመር ነው። አያት “ሸማኔው ጨምሮ እንዲሠራ ነግሬዋለሁ” ስትል ጸሐፊው “ባህላዊ ስጦታ ተዘጋጅቶልዎታል” ብሎ ከጻፈ አያቲቱ ከደብዳቤው ወጥታለች። ቃሏን እንደ ወረደ መጻፍ፣ ከዚያ መልሶ ማንበብላት፣ እሷም እንድትፈርም ወይም ጣቷን እንድታሳርፍ ማድረግ ይበቃል። ድምፅ ቀርጾ አብሮ መላክም ጥሩ ነው። ለዚህም የቆየ አርአያ አለ። በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅዋን በፎኖግራፍ ቀርጻ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልካ ነበር፤ ሁለቱም በተራቸው ድምፃቸውን ቀርጸው መልሰውላታል። ዛሬ በስልክ የሚላክ የአንድ ደቂቃ ምርቃት ከደብዳቤው ጋር ሲደርስ፣ ባልየው ቃሉን ባይሰማ እንኳ የአያቲቱን ድምፅ ያውቀዋል።

ለቪዛ ተብሎ ኤምባሲ የሚጠይቀው የጥሪ ደብዳቤ ከዚህ የተለየ ነው፤ በእሱ ላይ የፓስፖርት ቁጥርና አድራሻ ይሰፍራል። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ማጣመር ሁለቱንም ያበላሻል። ለየብቻ መጻፍ ነው።

አላላኩን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ ወደ ውጭ የሚሄደው ፖስታ ላይ የባልየው የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና የከተማው መለያ ቁጥር በላቲን ፊደል በትክክል መጻፍ አለበት። ብዙ ቤተሰብ ግን ደብዳቤና ጋቢ በሰው እጅ መላክ ይመርጣል። ይህም የተሻለ ነው፤ የሚያደርሰው ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ የአያቲቱን ደህንነት ተናግሮ ሲሰጥ ሽምግልናው ይበልጥ ይሟላል።

በቤትዎ አያት ካሉና ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ የውጭ አገር ሰው አግብቶ ከሆነ፣ በመጪው እሑድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው አጠገባቸው ይቀመጡ። “ስለ ልጁ ማንም የማያውቀው ምን ያውቃሉ?” ብለው ይጠይቋቸው፤ ሲናገሩም አያርሟቸው። የተጻፈውን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ቀን ይስጡት፣ ለሌላ ሰው ያስተርጉሙት፣ ትርጉሙ ለብቻው እንዳይሄድ የአማርኛውን ዋና ቅጂ አብረው ይላኩ።